ቁም ሣጥኑ እንዳይቆለፍ

ልጄ፣ ለርዕሰ መምህሩ ልታስገቢው ያዘጋጀሽውን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። የልጅሽ ክፍል ወላጆች ተሰባስባችሁ ለሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ መጻሕፍት ልታሟሉ አስባችኋል። አሳባችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ደብዳቤውም የጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ሰላምታው በወጉ ነው፣ አማርኛው የጠራ ነው፣ ስለ ንባብ ጥቅም የጻፍሽውም አንቀጽ ስሕተት አላየሁበትም። ቢሆንም እንዲህ እንዳለ እንዳታስገቢው እለምንሻለሁ። ለምን እንደምለምንሽ የሚያስረዳ አንድ የማውቀው ታሪክ አለና እሱን ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት በአንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ያኔ በዚያ የሆነው በሌላም ትምህርት ቤት ይሆናልና። ወላጆች ልክ እንደ እናንተ ተነሡ። አንዱ አባት መልካም ደብዳቤ ጻፈ፤ ስለ ዕውቀት፣ ስለ ነገ ትውልድ፣ ስለ ወላጅ ኃላፊነት ብዙ አለ። በመጨረሻ «ትብብርዎን እንጠይቃለን» ብሎ ዘጋ። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ። በደብዳቤው ጎን «ተፈቅዷል» ብለው ጻፉና ለንብረት ክፍል መሩት።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ደብዳቤው የጠየቀው ፈቃድ ነበር፤ ያገኘውም ፈቃድ ነው። መጻሕፍቱ ከገቡ በኋላ በማን እጅ እንደሚሆኑ፣ ቢቀደዱ ማን እንደሚጠየቅ፣ ልጆቹ መቼ እንደሚነኳቸው ግን አልጠየቀም። ያልተጠየቀውን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በለመደው መንገድ ይመልሰዋል።

የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ከመጋዘን ወጥቶ ለሠራተኛ ሲሰጥ ሞዴል 22 ይቆረጣል፤ የተረከበውም ሰው ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ ዕቃው በስሙ ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ቆጠራ ይመጣል፤ የጎደለ ካለ የፈረመው ሰው ይጠየቃል። ይህ ሥርዓት ክፉ አይደለም፤ የሕዝብ ጠረጴዛና ኮምፒውተር በየቤቱ እንዳይገባ የሚጠብቅ ነው። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ይዞት የሚሄደውን ሃያ ገጽ የተረት መጽሐፍ እንደ ጠረጴዛ ሲቆጥረው ነገሩ ይበላሻል።

በዚያ ትምህርት ቤት መጻሕፍቱ ተከፋፍለው ለሁለት የሁለተኛ ክፍል መምህራን ተሰጡ። ሁለቱም ፈረሙ። አንደኛዋ መምህርት ጠንቃቃ ሴት ነበሩ። ቁም ሣጥን አስመጥተው መጻሕፍቱን በመስመር ደረደሩና ቆለፉ፤ ቁልፉን ከቦርሳቸው አደረጉት። ጎብኚ ሲመጣ ይከፍቱና ያሳዩ ነበር። ሁለተኛዋ ደግሞ መጻሕፍቱን በቅርጫት አድርገው በክፍሉ ጥግ አስቀመጡ። ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይወስዱ ነበር፤ ሰኞ ይመልሳሉ። አንዳንዱ አልተመለሰም። አንዳንዱ ወጥ ነክቶት መጣ። የአንዱን ሽፋን ታናሽ ወንድም በላው። ልጆቹ ግን ያነቡ ነበር። በእረፍት ሰዓት አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ በትከሻው ላይ ሲያጮልቁ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰኔ መጣ፤ ቆጠራም መጣ። የአንደኛዋ መምህርት መጻሕፍት አንድም ሳይጎድሉ፣ እንደ አዲስ እንዳበሩ ተገኙ፤ ተመሰገኑ። የሁለተኛዋ ጎደሉ፤ ገዝተው እንዲተኩ በጽሑፍ ተጠየቁ። ከደመወዛቸው አውጥተው ተኩ። አንድ ቃል አልተናገሩም። በመስከረም ግን ቅርጫቱ ከክፍሉ ጥግ አልነበረም። እሳቸውም ቁም ሣጥን ጠይቀው ነበር።

ልጄ፣ ከዚህ ታሪክ ማንንም ተጠያቂ አታድርጊ። የንብረት ክፍሉ ሰው ሥራውን ሠራ። ርዕሰ መምህሩም ኦዲተር ይጠይቃቸዋል። የመጀመሪያዋ መምህርት የብዙ ዓመት ሠራተኛ ናቸው፤ መፈረም ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ። የተበላሸው ከሥሩ ነው፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና። ሥሩ ደግሞ ያ መልካም ደብዳቤ ነው። ስለ ንባብ ጥቅም አንድ ገጽ ሙሉ ተጽፎበት፣ መምህርቷን ከዕዳ ነጻ የሚያደርግ አንድ መስመር አልነበረበትም። የአንቺም ደብዳቤ እንዲሁ ነው። ርዕሰ መምህሩ የንባብን ጥቅም ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ሙያ ነው። ከአንቺ የሚፈልጉት ሊፈርሙበት የሚችሉት ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት ወደ ንብረት ክፍሉ ሰው ሂጂ። ወላጆች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከእሱ እንድትጀምሪ እወዳለሁ። የመንግሥት ንብረት አያያዝ ቋሚ ዕቃንና አላቂ ዕቃን ይለያል። ቁም ሣጥንና ወንበር ቋሚ ናቸው፤ ጠመኔ፣ ወረቀትና ቀለም አላቂ ናቸው። ለአላቂ ዕቃ የተሰጠው መጠን ይመዘገባል እንጂ ጠመኔው የት ገባ ተብሎ በሰኔ አይፈለግም። ሰውየውን በአክብሮት ጠይቂው፦ «ወላጆች ለክፍል ንባብ የሚሰጧቸው ቀጫጭን የልጆች መጻሕፍት እንደ አላቂ ሊመዘገቡ ይችላሉ ወይ?» የሚችልበት መንገድ ካለ ይነግርሻል፤ ደንቡ የማይፈቅድ ከሆነም ይነግርሻል። የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። የሚጠበቅ ጉድለት አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይያዝና የጎደለውን ወላጆች እንዲተኩ፣ መምህሩ ግን እንዳይጠየቅ ስምምነት ይጻፋል። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ቦታ ያደርሳሉ፤ ቁልፉ ከመምህሩ ቦርሳ ይወጣል።

የሚጠበቀው ጉድለት ስንት ይሁን ብትዪኝ፣ ከስድስት አንድ በዪ። ስልሳ መጻሕፍት ከሆኑ በዓመት እስከ አሥር ቢጠፉ ወይም ቢቀደዱ ማንም አይጠየቅ። ይህ ቁጥር ከሕግ የመጣ አይደለም፤ መጽሐፍ ወደ ቤት የሚወስዱ ልጆችን አይቼ የገመትኩት ነው። ቁጥሩን መጻፍሽ ግን ከቁጥሩ ልክነት ይበልጣል። «መጠነኛ ጉድለት» ብለሽ ብትጽፊ በሰኔ ስለ «መጠነኛ» ትርጉም ክርክር ይነሣል። «እስከ አሥር» ካልሽ ክርክር የለም።

ሁለተኛው ነገር የሚሰበሰበው መጽሐፍ ራሱ ነው። ደብዳቤሽ «ወላጆች በቤታቸው ያሏቸውን መጻሕፍት እንዲያመጡ» ይላል። በዚያ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ተብሎ ነበር። የመጣውን ልንገርሽ። የታላላቅ ወንድሞች ያረጁ መማሪያ መጻሕፍት መጡ። የማትሪክ ጥያቄና መልስ መጣ። ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሔት መጣ። ረጃጅም ልብ ወለዶች መጡ። የሃይማኖት መጻሕፍትም መጡ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊደረደሩ ስለማይገባ ለባለቤቶቻቸው በይቅርታ መመለስ ነበረባቸው። በቅን ልቡና የተሰጠ ነገር ሲመለስ ሰው ይቀየማል። ወላጆቹ ንፉግ አልነበሩም፤ በብዙው ቤታችን የልጅ መጽሐፍ የለም፤ የሌለውን ማምጣት አይቻልም። ዛሬ ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ የታላላቆቹ መማሪያ መጽሐፍ ለመማሪያነትም አይሆንም።

የቋንቋውም ነገር አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ ነበር። እዚያ ሆነው በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። በ1995 ዓ.ም አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ከአሜሪካ ያመጧቸውም መጻሕፍት ወደ 15,000 ይደርሱ ነበር። ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ትልቅ ቁጥር ነው። እኔ ግን አንቺ እንድታስተውዪልኝ የምፈልገው ከዚያ በፊት ያደረጉትን ነው። የኛኑ ተረት ወስደው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ፣ ባለ ቀለም ሥዕል የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ። በሺህ የሚቆጠር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሚያገኝ ሰው ስለ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ለምን ደከመ? ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ልጅ አንብቦ የሚስቀው በሚያውቀው ቋንቋ ብቻ ስለሆነ ነው። የልጅሽ ክፍል የሚማረው በአማርኛ ነውና መጽሐፉም በአማርኛ ይሁን። በዚያው ግቢ በአፋን ኦሮሞ የሚማር ክፍል ካለ የእነሱ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ከውጭ ዘመድ በካርቶን እንዲልክ ከመጠየቅ፣ ያው ዘመድ እዚህ የሚሸጡ ቀጫጭን መጻሕፍት መግዣ ቢያግዝ ይሻላል።

እንግዲህ «ከቤት አምጡ» የሚለውን ሰርዢው። በምትኩ ምረጡና ግዙ። እንዴት እንደሚመረጥ ደግሞ መምህሯን ጠይቂ፤ የልጆቹን የንባብ ደረጃ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እኔ የማውቀው ቀላል መለኪያ አለ። መጽሐፉን መካከለኛ ለሆነ ተማሪ ስጪና አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። በተደናቀፈበት ቃል ቁጥር ጣትሽን እጠፊ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ለዚያ ክፍል ይከብዳል። አንድም ካልታጠፈ ይቀለዋል፤ ቢሆንም አትጣዪው፣ ገና ለሚንተባተቡት ይሆናል። በሁለተኛ ክፍል ሥዕል ያለበት፣ በገጽ ሁለት ሦስት መስመር ያለው፣ ፊደሉ ጎላ ያለ ይመረጣል። ስፌቱንም እዪ፤ በሙጫ ብቻ የተያዘ በአንድ ወር ይበተናል፤ መሐሉ በሽቦ ወይም በክር የተያዘ ይቆያል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በክፍሉ ስልሳ ልጆች አሉ ብለሽኛል። ስልሳ ወላጅ ስልሳ የተለያየ መጽሐፍ ቢያመጣ በዓይን ሲታይ ያምራል። ለመምህሯ ግን አይመችም። አንዲት መምህርት ስልሳ ልጆች ይዘው ስልሳ የተለያየ ታሪክ መከታተል አይችሉም፤ ሁሉም ልጅ ለየብቻው ያጉረመርማል፣ ማን እንዳነበበ ማን ሥዕል ብቻ እንዳየ አይታወቅም። ስለዚህ አሥር ርዕስ ይመረጥና ከእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ቅጂ ይገዛ። ስድስት ልጆች አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል፣ መምህሯም ስለ አንዱ ታሪክ ስድስቱን በአንድ ጊዜ ይጠይቃሉ። አሥሩ ቡድኖች በየሳምንቱ መጽሐፍ ይለዋወጣሉ፤ በአሥር ሳምንት ሁሉም ሁሉንም ያነባል። ለአንድ መንፈቅ ዓመት ይህ ይበቃል።

ለወላጁ ይህ ማለት አንድ ሰው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ስድስት ስድስት ሆናችሁ ተደራጁ፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ወላጅ አንድ ርዕስ ይድረሰው። አንዱ ተወክሎ ሁሉንም ስድስት ቅጂ ይግዛ፤ ብዙ በአንድ ላይ ሲገዛ ሻጩም ዋጋ ያሻሽላል። ግን አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ፤ ብሩ በትምህርት ቤቱ በር እንዳይገባ። ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከተቀበለ ደረሰኝ መቁረጥ አለበት፣ ሒሳብ ማወራረድ አለበት። ከዚህም በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከወላጅ ገንዘብ አስከፈለ ተብሎ ቅሬታ እንዳይነሣባቸው ርዕሰ መምህሩ ይሠጋሉ፤ ሥጋታቸውም ልክ ነው። በደብዳቤሽ «መዋጮ» የሚለው ቃል ካለ አሳባችሁ ገና ሳይመረመር ሊወድቅ ይችላል። የምትሰጡት በዓይነት ነው፤ እንዲያ ብለሽ ጻፊ።

መክፈል የማይችል ወላጅ ይኖራል። ስሙ በየትኛውም ዝርዝር ላይ «አላመጣም» ተብሎ አይውጣ። ልጆች ያን ዝርዝር ያያሉ፤ አይተውም አይረሱትም። መጻሕፍቱን በላስቲክ የሚለብጥ፣ የላላ ስፌት በክር የሚያጠብቅ፣ ዓርብ ዓርብ መጽሐፍ የሚያስመዘግብ ሰው ያስፈልጋችኋል። ይህን ሥራ በፈቃዱ ለሚመርጥ ስጡ። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ መገኘት ይፈልጋልና።

ደብዳቤው የሚገባበትን ጊዜ አትናቂው። መስከረም ምዝገባ ነው፤ የተማሪ ዝውውር፣ የመምህር እጥረት፣ የመማሪያ መጽሐፍ ማከፋፈል በአንድ ላይ በርዕሰ መምህሩ ላይ ይወድቃል። ሰኔ ፈተናና ቆጠራ ነው። ኅዳር ላይ አስገቢው። ታኅሣሥን ለምርጫና ለግዢ ያዙት፤ ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በኋላ ልጆቹ ሲመለሱ መጻሕፍቱ ተለብጠው ይቆዩአቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እንግዲህ ደብዳቤሽን እንደገና ብጽፈው እንዲህ እጽፈው ነበር። አጭር ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ቆመው አንብበው ሊጨርሱት እንዲችሉ ነው።

«ለ……… የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር

አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለ2ኛ ክፍል «ለ» የንባብ መጻሕፍት በወላጆች ስለማሟላት

እኛ የ2ኛ ክፍል «ለ» ተማሪዎች ወላጆች ለክፍሉ የንባብ ጥግ 60 የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት (10 ርዕስ፣ ከእያንዳንዱ 6 ቅጂ) በዓይነት ለመስጠት ተስማምተናል። ርዕሶቹን የሚመርጡት የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ናቸው፤ ዝርዝሩ ከመገዛቱ በፊት ለእርስዎ ይቀርባል። ከዝርዝሩ ውጭ የሚመጣ መጽሐፍ አንቀበልም። ከወላጆች የሚሰበሰብ ገንዘብ ወደ ትምህርት ቤቱ አይገባም፤ መስጠት ያልቻለ ወላጅም አይጠየቅም።

ከትምህርት ቤቱ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በክፍሉ ውስጥ ቁልፍ የሌለው መደርደሪያ ወይም ቅርጫት የሚቀመጥበት ቦታ እንዲፈቀድልን። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹ መጽሐፍ ወደ ቤት እንዲወስዱ እንዲፈቀድ፤ የሚመዘግበውን ወላጅ እኛ እንመድባለን። ሦስተኛ፣ መጻሕፍቱ በአላቂ ዕቃነት እንዲመዘገቡ፤ ይህ የማይቻል ከሆነ በዓመት እስከ 10 መጽሐፍ ቢጎድል ወይም ቢበላሽ መምህርቷ እንደማይጠየቁና የጎደለውን ወላጆች እንደምንተካ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልን።

ጉዳዩን ከእርስዎ፣ ከክፍሉ መምህርትና ከንብረት ክፍል ኃላፊው ጋር ለመነጋገር አጭር ቀጠሮ እንዲሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት»

ሦስተኛውን ጥያቄ አስተውዪው። ደብዳቤው የተጻፈው ስለ እሱ ነው፤ የቀረው ሁሉ ለእሱ መንገድ የሚጠርግ ነው። የኅብረቱ ግልባጭም ለወግ የገባ አይደለም። ርዕሰ መምህር ይዛወራሉ፤ አንዳንዴ በዓመቱ አጋማሽ። አዲሱ ሰው ሲመጡ «ይህን ማን ፈቀደ?» ብለው ቢጠይቁ ቃለ ጉባኤው በኅብረቱ መዝገብ ይገኛል። ደብዳቤውን በእጅሽ ለርዕሰ መምህሩ አትስጪ፤ በመዝገብ ቤት አስገቢ። በሁለት ቅጂ አዘጋጂውና አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈሽ ማኅተም አስደርጊበት፤ እሱ ካንቺ ዘንድ ይቀመጥ።

ውሳኔው ተገኝቶ ሥራው ሲጀመር ደግሞ የተሳካ መሆን አለመሆኑን በምን ታውቂያለሽ? በመደርደሪያው ውበት አትመኚ። ሁለት ነገር እዪ። አንዱ የውሰት ደብተሩ ነው፤ የልጁ ስም፣ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የወሰደበትና የመለሰበት ቀን የሚጻፍበት። ሁለት ወር ቆይቶ ደብተሩ ባዶ ከሆነ ወይም የአምስት ጎበዝ ልጆች ስም ብቻ የሚደጋገምበት ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ምናልባት ቅርጫቱ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጧል፣ ምናልባትም መጽሐፍ የሚወስዱት ሥራቸውን ቀድመው የጨረሱ ብቻ ናቸው። ሌላው የመጻሕፍቱ ጠርዝ ነው። የታችኛው የቀኝ ማዕዘን በጣት ሲገለጥ ይጠቁራል፤ ይህ ጥቁረት በስድስቱም ቅጂዎች ላይ ካለ መጽሐፉ ተወዷል፤ በሚቀጥለው ዓመት የእሱን ዓይነት ጨምሩ። ንጹሕ ሆኖ የቀረው ርዕስ ደግሞ ወይ ከብዷቸዋል ወይ አልጣማቸውም። መምህሯን ጠይቂና ለሦስተኛ ክፍል አስተላልፊው ወይም ለውጪው።

ይህን ሁሉ ከነገርኩሽ በኋላ የምፈራውንም ልንገርሽ። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያውንና ሁለተኛውን ፈቅደው ሦስተኛውን ሊያልፉት ይችላሉ። «መጻሕፍቱን አምጡ፤ የአያያዙን ነገር በኋላ እናየዋለን» ይሉሽ ይሆናል። በቀና ልቡና ነው የሚሉት፤ አንቺም የጎረቤት ወላጆች እየጠበቁሽ ስለሆነ እሺ ማለት ይቀልሻል። እዚያ ላይ ጽኚ። በዚያ ትምህርት ቤትም «በኋላ እናየዋለን» ተብሎ ነበር፤ በኋላ የታየው በሰኔ ቆጠራ ላይ ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ስለ ደብዳቤው አንዳች ያልተጠየቁት መምህርት ናቸው።

እንዲህ ካሉሽ መጽሐፍ መግዛቱን አቁሙና ጥያቄያችሁን አሳንሱ። አንድ ርዕስ ብቻ፣ ስድስት ቅጂ፣ እስከ ሰኔ ቆጠራ ድረስ ለሙከራ በዪያቸው። ስድስቱ መጻሕፍት የወላጆች ንብረት እንደሆኑ ይቆዩ፤ ገቢ አይደረጉ፤ መምህሯም አይፈርሙ። ዓርብ የምትመዘግቢውም ሰኞ የምትረከቢውም አንቺ ሁኚ። በሰኔ የውሰት ደብተሩን ይዘሽ የንብረት ክፍሉ ሰው ባለበት ለርዕሰ መምህሩ አሳዪያቸው፤ ስንት ልጅ እንደወሰደ፣ ስንት እንደተመለሰ፣ ስንት እንደተቀደደ። ሦስተኛውን ጥያቄ ያኔ እንደገና አቅርቢው፤ ከዚያም የቀሩትን ሃምሳ አራት መጻሕፍት ግዙ።